«ታታሪና ታማኝ ናት» ብሎ ከመፈረም በፊት

አንዲት የሆስፒታል ፋርማሲስት ለማስተርስ ትምህርት ልታመለክት ነው እንበል። የመድኃኒት መጋዘኑ ኃላፊ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈላት፦ «ወይዘሪት እገሊት ታታሪ፣ ታማኝና ተግባቢ ባለሙያ ናት። የተሰጣትን ሥራ በብቃት ትወጣለች። ያለማመንታት እደግፋታለሁ።»

ክፉ ቃል አልወጣውም። ነገር ግን ስሟን ሰርዘን የሒሳብ ሠራተኛዋን ስም ብንተካበት ደብዳቤው እንዳለ ያስኬዳል። ተማሪ የሚመርጠው ኮሚቴም እሷን ከሌላው አመልካች የሚለይበት ነገር አያገኝም።

ማስተካከያው ከራሱ ከጸሐፊው ይጀምራል። «ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቅርብ አለቃዋ ነበርኩ፤ የወር መጨረሻ ቆጠራ አብረን እንሠራ ነበር» ሲል፣ ምስክሩ በዓይኑ ያየ ሰው መሆኑ ይታወቃል።

ከዚያ «ታታሪ» የሚለውን ቃል ያንሳና፣ ቃሉን ሲጽፍ ትዝ ያለውን ድርጊት ይተካበት፦ «በአንድ ቆጠራ ላይ 600 ጠርሙስ የልጆች አንቲባዮቲክ ሽሮፕ እንዳለን፣ ጊዜው ሊያልፍም አራት ወር እንደቀረው አየች። በወር የምናወጣው 80 ያህል ስለሆነ 280ው ሳይሰጥ እንደሚበላሽ አስልታ ነገረችኝ። አስዪ ያላት ሰው አልነበረም። ትርፉን በአቅራቢያችን ላሉ ጤና ጣቢያዎች አስተላለፍነው።» አሁን ሒሳቡን አንባቢው ራሱ ሠርቶ ሊያየው ይችላል፤ ትጋቷንም ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

«ታማኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው። «ቢን ካርዱ ላይ የተጻፈውና መደርደሪያው ላይ ያለው ቁጥር አልገጥም ሲል ካርዱን ደልዛ አታልፍም፤ ልዩነቱን በጽሑፍ ታመጣልኝ ነበር።» ለእኔ ከደብዳቤው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። መጋዘን የሠራ ሰው አንዲት ቁጥር ደልዞ ከጣጣ መገላገል ምን ያህል እንደሚቀል ያውቃል።

ማጋነን ግን ሁሉንም ያበላሻል። «ሆስፒታሉን ከኪሳራ አዳነች» ቢል አንባቢው 280ውንም ጠርሙስ መጠራጠር ይጀምራል። «በሥሬ ከሠሩት ሰባት ፋርማሲስቶች በክምችት አያያዝ የሚበልጣት አላየሁም» የሚለው የሚታመነው፣ ከስንት ሰው ጋር እንዳወዳደራትና በምን እንደበለጠች ለይቶ ስለሚናገር ነው።

እኛ ዘንድ አመልካቹ ራሱ ጽፎ አለቃው መፈረሙ የተለመደ ነው። ዩኒቨርሲቲው ስልክ ደውሎ ስለ ሽሮፑ ቢጠይቅና ፈራሚው ቢደናገር ጉዳቱ የአመልካቿ ነው። ስለዚህ እሷ ቀኖቹንና የቆጠራ ሪፖርቶቹን ትስጠው፣ ጽሑፉ ግን የእሱ ይሁን። ትክክለኛው ቁጥር ከሪፖርቱ ካልተገኘም «ብዙ ጠርሙስ» ብሎ ይለፈው እንጂ በግምት 600 ብሎ አይጻፍ።