ቅቤው ከየት መጣ? ለስፖንሰር ቪዲዮ የሚጻፍ ብሪፍ

ነገሩ የሆነው በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ሚጥን ሽሮ አዘጋጅቶ በከረጢት የሚሸጥ አንድ ድርጅት፣ በቲክቶክ የምግብ ቪዲዮ ከምትሠራ ወጣት ጋር ተስማማ። የሥራ መመሪያውን የጻፍኩላት እኔ ነበርኩ። ልጅቷ ሽሮውን በሸክላ ድስት አንተከተከችው፣ ቀመሰችው፣ ወደደችው። ከዚያ እንደ ቤቷ ልማድ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ጣል አደረገችበት።

ቪዲዮው በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሥሩ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ቅቤው ሆነ። «ይሄ ሽሮ የጾም አይደለም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ይደጋገማል። ዱቄቱ ውስጥ ቅቤ የሚባል ነገር የለም፤ ድርጅቱም ሽሮውን በዚያ ወቅት ለመሸጥ የፈለገው የጾም ስለሆነ ነው። ስደውልላት «ጋሼ፣ ቅቤው ምን አጠፋ?» አለችኝ። እሷ ጾሙን አትጾምም፤ የነገራትም ሰው የለም። ሁለት ገጽ በሞላው መመሪያዬ ውስጥ «ቅቤ እንዳይጨመር» የምትል አንዲት መስመር አልነበረችም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ይህ መመሪያ በማስታወቂያ ሠሪዎች ዘንድ «ብሪፍ» ይባላል። ገንዘብ የሚከፍለው ድርጅት ቪዲዮውን ለሚሠራው ሰው የሚሰጠው ጽሑፍ ነው። የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ምን ሳይነገር አይታለፍም? ምን አይባልም፣ አይደረግም? በምን ቃና ይነገር? ብዙ ብሪፍ የሚበላሸው ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉን ነገር ስለሚያጭቅ፣ ሁለተኛውን ስለሚረሳ፣ በሦስተኛው ደግሞ የሰውየውን አፍ ስለሚነጥቅ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። የእኔ ብሪፍ እንዲነገሩ ያዘዛቸው ነጥቦች 11 ነበሩ። ድርጅቱ የተመሠረተበት ዘመን፣ የወፍጮው ዓይነት፣ የአተሩ መገኛ፣ የከረጢቱ መጠኖች፣ ዋጋው፣ ሌላም ሌላም። ቪዲዮው ግን 45 ሰከንድ ነው። ከቅቤው በኋላ የስልኬን ሰዓት ከፍቼ ነጥቦቹን ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። አንድ ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጁ፤ ያውም ድስት ሳይጣድ፣ ሽንኩርት ሳይከተፍ። እንዲህ ያለ ብሪፍ የደረሰው ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ እንደ ዜና አንባቢ እየተጣደፈ ይዘረዝራል፣ ወይ የመሰለውን መርጦ ሌላውን ይተዋል። የእኔዋ ልጅ ሁለተኛውን አደረገች፤ የጾም መሆኑን ከተዉት መካከል ጣለችው።

ነጥብ ሲመረጥ የሚረዳው ጥያቄ «ተመልካቹ ይህን ሳያውቅ ቢቀር ምን ይሳሳታል?» የሚለው ነው። የድርጅቱን ዕድሜ ባያውቅ የሚሳሳተው ነገር የለም። ዱቄቱ ጨውና በርበሬ የገባበት መሆኑን ካላወቀ ግን ደግሞ ይጨምርበትና ወጡ አይበላም፤ ጥፋቱንም በሽሮው ላይ ያላክካል። በዚህ ወንፊት ሲያልፉ ከ11ዱ ሦስት ቀሩ፤ የጾም መሆኑ፣ ቅመሙ የገባበት መሆኑ፣ የት እንደሚገኝ።

አራተኛው ነጥብ ለድርድር የማይቀርብ ነው። ቪዲዮው የተከፈለበት መሆኑ መነገር አለበት። ይህን የሚረሳ ብሪፍ ምን እንደሚያስከትል የአሜሪካው የልብስ መደብር የሎርድ ኤንድ ቴይለር ታሪክ በደንብ ያሳያል። መደብሩ በ2015 እ.ኤ.አ. ለ50 የኢንስታግራም ታዋቂዎች አንድ ዓይነት ቀሚስ በነጻ ሰጠ፤ ለብሰው ፎቶ እንዲለጥፉም ለእያንዳንዳቸው ከ1,000 እስከ 4,000 ዶላር ከፈለ። ውሉ የመደብሩን ስምና #DesignLab የሚለውን ምልክት እንዲጽፉ ያስገድዳቸው ነበር። መደብሩ ጽሑፋቸውን ከመለጠፉ በፊት ያየው ነበር፤ አንዳንዱንም አርሟል። «ተከፍሎኛል ብላችሁ ግለጹ» የሚል ግዴታ ግን ውሉ ውስጥ አልነበረም፤ ማንም አልገለጸም። ፎቶዎቹ 11.4 ሚሊዮን ሰዎች ዘንድ ደረሱ፣ ቀሚሱም ወዲያው ተሸጦ አለቀ። በዓመቱ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ክስ አቀረበ። የተከሰሰው መደብሩ ነው። መመሪያውን የጻፈውና ጽሑፉን ያጸደቀው እሱ ነበርና። ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ መደብሩ ከዚያ ወዲያ የሚከፍላቸው ሰዎች ክፍያውን መግለጣቸውን የመከታተል ግዴታ ገባ።

በአሜሪካ ሆነው በአማርኛ የሽያጭ ቪዲዮ የሚሠሩ ወገኖቻችንም በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው። አዲስ አበባ ላለውም ቢሆን ግልጽነቱ ለተመልካች የሚገባ ክብር ነው። ስለዚህ ብሪፉ «መግለጽ አይረሳ» ብሎ አያልፍም፤ ቃሉን፣ ቦታውንና ጊዜውን ይወስናል። በእኛ ላይ እንዲህ ብለን ጻፍነው፦ «በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ውስጥ ‹ይህ ቪዲዮ ክፍያ ያለው ማስታወቂያ ነው› ብለሽ በአፍሽ ተናገሪ፤ በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ የቲክቶኩ Paid partnership ምልክትም ይብራ።» በአፍም በጽሑፍም ያልነው ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ ነው። ከቪዲዮው ሥር ባለው መግለጫ ውስጥ ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ከፍቶ የሚያነበው ጥቂት ነው።

ወደ ክልክሎቹ ስንመጣ፣ «ያልተገባ ነገር አትናገሪ» የሚል መስመር ማንንም አይጠብቅም። ክልከላ የሚሠራው ካሜራው ፊት ሊመጣ የሚችለውን ነገር በስሙ ሲጠራ ነው። ሽሮ የሚያሞካሽ ሰው ምን ሊያመልጠው ይችላል ብለን አሰብንና ሦስት ነገር ጻፍን። ቅቤም ሆነ ሥጋ ድስቱ ውስጥ አይገባም፣ ከድስቱ አጠገብም አይታይም። «ለስኳር በሽታ ፍቱን ነው» ወይም «ያከሳል» አይባልም፤ ድርጅቱ ይህን የሚያረጋግጥበት ማስረጃ የለውም፣ የማስታወቂያ አዋጁም፣ ቁጥር 759/2004፣ ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የሌላ ድርጅት ሽሮ ስሙም ከረጢቱም አይነሣም። ከእያንዳንዱ ክልከላ አጠገብ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጥን። ምክንያቱን ያወቀ ሰው እኛ ያላሰብነው ነገር ሲያጋጥመው ራሱ ይመዝናል።

ቃናው ላይ ግን እጃችንን ሰበሰብን። የመጀመሪያው ብሪፍ ቃል በቃል የምትለውን ንግግር ይዞ ነበር፤ «ውድ ደንበኞቻችን» ብሎ የሚጀምር። ይህች ልጅ በሕይወቷ «ውድ ደንበኞቻችን» ብላ አታውቅም። ተመልካቾቿ የወደዷት ድስት እያማሰለች እንደ ጎረቤት ስለምታወራ ነው፤ ድርጅቱም የከፈላት ለዚያ ወሬዋ ነው። አዲሱ ብሪፍ ስለ ቃና የነበረው ይህ ብቻ ነው፦ «እናትሽ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ እያየችሽ እንደሆነ አድርገሽ ተናገሪ፤ ካልጣመሽ ጣመኝ አትበይ።» የመጨረሻው ሐረግ ድርጅቱን አስፈርቶት ነበር። እኔ ግን አጥብቄ ያዝኩት፤ ሳይጥማት ጣመኝ ካለች ፊቷ ያሳብቅባታል።

ብሪፉ መጨረሻ ላይ ሁለት የሥራ ቀኖች ነበሩ። ቪዲዮው ከመለቀቁ ከሦስት ቀን በፊት ለእኛ ይላካል፤ እርማታችንን በአንድ ቀን ውስጥ፣ አንዴ ብቻ እንሰጣለን። እርማቱም ከነጥቦቹና ከክልክሎቹ አያልፍም። «ሳቅሽ በዛ» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ብሪፍ ከአንድ ገጽ አላለፈም። ሁለተኛው ቪዲዮ ሲደርሰኝ በእርሳስ አራት መስመር አሰመርኩና እያየሁ ምልክት አደረግሁ። ማስታወቂያ መሆኑን በአራተኛው ሰከንድ ተናገረች። ጨው ልትጨምር እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው፤ «ለካ አለው!» አለች። ይህን ብሪፉ ላይ የጻፈላት የለም። ከሥሩ ሰዎች የጠየቁት ስለ ውኃው መጠን ነበር፤ ስለ ቅቤ ያነሣ ሰው አላየሁም።