የተፋቀ፣ የተሸፈነ፣ የሳሳ፦ የድሮ ፎቶ ዳራ እንዴት ይጠገናል?

የድሮ የቤተሰብ ፎቶ ስካን አድርጎ በኮምፒውተር ለመጠገን የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈራው ፊቱን ነው። ዓይን ጥግ ላይ ያለች ጭረት፣ ጉንጭ ላይ ያረፈች ነጥብ ታስጨንቀዋለች። ሥራው ሲያልቅ ግን ጥገናውን የሚያሳብቀው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዎቹ ኋላ ያለው ዳራ ነው። ፊት ላይ ጥላ፣ ፀጉርና የቆዳ መስመር ስላለ ትንሽ ስሕተት መደበቂያ ያገኛል። ለስላሳ ግድግዳ ወይም የስቱዲዮ መጋረጃ ላይ ግን ከአካባቢዋ በጥቂቱ የጠቆረች ወይም ያለልክ የለሰለሰች ቦታ ወዲያው ዓይን ትስባለች።

ችግሩ የሚመጣው ሦስት የተለያዩ ጉዳቶችን በአንድ መሣሪያ ለማዳን ከመሞከር ነው። ጥልቅ ጭረት ምስሉን ፍቆ ወስዶታል፤ ከሥሩ ባዶ ወረቀት እንጂ ሌላ የለም። እድፍ ግን ምስሉን ሸፈነው እንጂ አልወሰደውም፤ በነጠላ ሥር እንዳለ ፊት አሁንም አለ። መደብዘዝ ደግሞ ምስሉን አሳስቶታል። ስለዚህ የተፋቀው ይተካል፣ የተሸፈነው ይገለጣል፣ የሳሳው ይጠነክራል። እድፍን ከሌላ ቦታ በተቀዳ ቁራጭ የሚደፍን ሰው ከሥሩ ያለውን እውነተኛ ምስል አብሮ ይቀብረዋል።

ምሳሌ እንውሰድ። ፎቶው በ1950ዎቹ በስቱዲዮ የተነሣ፣ 9 በ14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁርና ነጭ ነው። ባልየው ቆሟል፣ ሚስትየዋ ተቀምጣለች፤ ከኋላቸው የተሣለ መጋረጃና ዓምድ አለ። ከላይ ቀኝ ጥግ ተነሥቶ እስከ ባልየው ትከሻ የሚወርድ ነጭ ጭረት አለው። ግራው ላይ ውኃ ያስቀረው ቡናማ እድፍ አለ፤ የቀኙ ጠርዝ ደግሞ ደብዝዟል። የምንጠቀመው GIMP የተባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ በሌሎች ፕሮግራሞችም አካሄዱ ያው ነው።

ከሥራው ግማሹ ስካነሩ ላይ ያልቃል። የፎቶውን አቧራ በአየር መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምስሉን የያዘውን ስስ የጄላቲን ሽፋን ሊያነሣው ይችላል። መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶንም በግድ ማላቀቅ አይገባም፤ ከነመስታወቱ ስካን ይደረግ። ጥራቱን 1200 dpi ላይ ብናደርገው ይህች ትንሽ ፎቶ በስፋት ወደ 4250፣ በቁመት ወደ 6600 ፒክስል ትሆናለች፤ ይህም ጭረቱን በቅርብ ለመሥራት በቂ ነው። ስካነሩ በራሱ የሚያደርገውን ማሳመሪያና አቧራ ማጥፊያ ሁሉ ማጥፋት፣ ፋይሉንም በ48-bit TIFF ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በ8-bit የተቀመጠ ፋይል የደበዘዘው ቦታ ሲጠናከር ለስላሳው ዳራ ላይ እንደ ደረጃ የተደራረቡ መስመሮች ያወጣል።

አንድ ተጨማሪ ብልሃት አለ። የብዙ ስካነሮች መብራት ከአንድ ወገን ስለሚመጣ ጥልቀት የሌለው ጭረትና የወረቀቱ ሸካራነት በአንድ አቅጣጫ ጎልቶ ይታያል። ፎቶውን 90 ዲግሪ አዙሮ ደግሞ ስካን ማድረግና ሁለቱን ማወዳደር ነው። በአንደኛው ስካን የጠፋ ጭረት ካለ፣ የላይኛው ገጽ ላይ ያለ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ምስሉ አልተፋቀም፤ በሻለው ስካን መሥራት ይበቃል።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለምን በቀለም ስካን ይደረጋል? ምሥጢሩ እድፉ ላይ ነው። ምስሉ ራሱ ግራጫ ስለሆነ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ ያው ነው ማለት ይቻላል። ቢጫና ቡናማ እድፍ ግን ሰማያዊን ብርሃን በብዛት ይውጣል፣ ቀዩን ያሳልፋል። ስለዚህ በሰማያዊው ቻናል እድፉ ጥቁር ሆኖ ሲታይ፣ በቀዩ ቻናል ሊጠፋ ጥቂት ይቀረዋል። በGIMP ከ Colors ሥር Components፣ ከዚያም Extract Component ገብቶ RGB Red መምረጥ ነው። በምሳሌያችን ፎቶ ይህ አንድ እርምጃ የእድፉን አብዛኛውን ክፍልና የወረቀቱን ቢጫነት በአንዴ ያነሣል፤ ከሥሩ ያለው የመጋረጃ እጥፋትም ይወጣል። እድፉ የሰማያዊ እስክሪብቶ ቀለም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰማያዊውን ቻናል እንመርጣለን።

የሚቀረውን ጥላ በቁጥር ማየት ይቻላል። ቀለም መልቀሚያውን ይዘን ከእድፉ ውጭ ያለውን የመጋረጃ ብሩህ ክፍል ስንነካ፣ ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ 172 አካባቢ አገኘን እንበል፤ እድፉ ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ቦታ 150 ነው። የመጋረጃው ጨለማ እጥፋት ደግሞ ውጭ 70፣ ውስጥ 62 ነው። እድፉን በ Free Select እንከበውና የምርጫውን ጠርዝ በ Feather ወደ 30 ፒክስል እናለሰልሰዋለን፤ ከዚያ Curves ከፍተን 150ውን ወደ 172፣ 62ቱን ወደ 70 እናነሣለን። ሁለት ነጥብ መያዙ አስፈላጊ ነው፤ ብሩሁን ብቻ ያነሣ ሰው ጨለማው እጥፋት እንዳልገጠመ በኋላ ያያል። ውኃው ሲደርቅ ቆሻሻውን ጠርዙ ላይ ስለሚያከማች ዙሪያው ላይ ከመካከሉ የጠቆረ ቀጭን መስመር ይቀራል። እርሱን ለብቻው በጠባብ ምርጫ፣ በራሱ Curves ማንሣት ነው።

ቀጥሎ መደብዘዙ ይመጣል፤ ግን መጀመሪያ መደብዘዝ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የስቱዲዮ መብራት ራሱ የዳራውን አንድ ወገን ሊያበራ፣ ሌላውን ሊያጠላ ይችላል፤ ያ የፎቶ አንሺው ሥራ ስለሆነ አይነካም። መለያው ጥቁሩ ነው። መብራት ባበራው ቦታ ጥቁር ነገር ያው ጥቁር ነው። በደበዘዘ ቦታ ግን ምስሉን የሠራው ብር ራሱ ስለተበላ ጥቁሩም ግራጫ ሆኗል። በምሳሌያችን የቀኙ ዓምድ የጥላ መስመር ከግራው መስመር ይልቅ ገርጥቷል፤ ስለዚህ መደብዘዝ ነው።

ጥገናው ቀላል ነው። ምስሉን በሌላ ሌየር እናባዛዋለን፤ ቅጂውን በ Levels ወይም በ Curves የዓምዱ ጥላ ከግራው ጋር እስኪገጥም እናጠቁረዋለን። ከዚያ በጥቁር የተሞላ ማስክ ጨምረን፣ ከፎቶው መካከል ወደ ቀኝ ጠርዝ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄድ Gradient እንስባለን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ማስኩን የሰውየውን ዙሪያ ተከትሎ ይቆርጠዋል። መደብዘዝ ግን ሰውና መጋረጃ አይለይም፤ ሁለቱንም እኩል ያሳሳል። ዳራውን ብቻ ያጠቆረ ሰው ትከሻው ዙሪያ የሚያበራ ጠርዝ ያገኛል፤ ሰውየውም ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

የቀለም ፎቶ ሲሆን የሚሳሳው ብር ሳይሆን ሦስቱ የቀለም ንብርብሮች ናቸው፤ እነርሱም በእኩል ፍጥነት አይጠፉም። ብዙ የ1970ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የቀለም ፎቶዎች አልበም ውስጥ ተቀምጠው እንኳ የቀሉት፣ ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ቀድሞ ስለለቀቀ ነው። እዚያ Levels ለእያንዳንዱ ቻናል ለየብቻ ይስተካከላል፤ መመሪያው ዳራው ላይ ነጭ ወይም ግራጫ እንደነበረ የሚታወቅ ነገር፣ ለምሳሌ ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው።

ጭረቱ ወደ መጨረሻ የቀረው በምክንያት ነው። የጨለማና የብርሃን ልዩነቱን ማጠንከር ጥገናውንም አብሮ ያጎላል፤ ጭረቱ ቀድሞ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ አሁን ጠባሳው ይወጣ ነበር። ሌየሮቹን ሳንነካ ከላያቸው አዲስ ባዶ ሌየር ከፍተን Heal የሚለውን መሣሪያ እንይዛለን፤ Sample merged መመረጡን እናያለን። ብሩሹ ከጭረቱ ትንሽ ብቻ ይስፋ። Ctrl ይዘን ከጭረቱ አጠገብ እንነካለን፤ ከዚያ የጭረቱን መጀመሪያ ነክተን፣ Shift ይዘን መጨረሻውን ስንነካ መሣሪያው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን ከአንድ ቦታ ደጋግሞ መቅዳት ተመሳሳይ ነጥቦችን በሰልፍ ያስቀምጣል፤ በየጥቂቱ ምንጩን መቀየር ነው። ጭረቱ የመጋረጃ እጥፋት ሲያቋርጥ ከዚያው እጥፋት፣ ከላይ ወይም ከታች ይቀዳል እንጂ ከጎን አይቀዳም።

ጭረቱ ትከሻው ጋ ሲደርስ Heal ማቆም አለበት። ይህ መሣሪያ ብርሃኑን ከአካባቢው ጋር ስለሚያዋህድ የኮቱን ጥቁር ወደ መጋረጃው ይስባል፤ ጭስ የመሰለ ጥላም ይተዋል። የመጨረሻዋን ጥቂት ሚሊ ሜትር በ Clone መሥራት ይሻላል፤ ያውም መጋረጃውን ብቻ መርጦ፣ ብሩሹ ወደ ኮቱ እንዳይሻገር አድርጎ ነው።

አሁን ፎቶውን 100% አድርገን ስናይ የተጠገነው ቦታ ከዙሪያው ይልቅ የለሰለሰ ከሆነ፣ የጠፋው የፊልሙ ቅንጣት ነው። የጥገናው ሌየር ላይ ብቻ ጥቂት RGB Noise ጨምሮ፣ ወደ 1 ፒክስል በሚሆን Gaussian Blur ማለስለስ ይመልሰዋል፤ ጥርት ያለ የኮምፒውተር ነጥብ የፊልም ቅንጣት አይመስልምና። የመጨረሻው ፈተና Curves ከፍቶ ምስሉን ከልክ በላይ ማጠንከር ነው። የተደበቀ ጥገና ሁሉ እንደ ደመና ይወጣል፤ ቦታዎቹን አስተውሎ፣ Cancel ብሎ፣ ተመልሶ ማረም ነው።

የተጠናቀቀውን ሥራ ከነሌየሮቹ በ XCF፣ ለዘመድ የሚላከውን በ JPEG ማስቀመጥ ይገባል፤ ያልተነካው የመጀመሪያ TIFF ግን በምንም ምክንያት አይተካም። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ላለ ዘመድ በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ መተግበሪያው አሳንሶት ያ ሁሉ ቅንጣት ይጨመቃል።

ከመጀመራችን በፊት ደግሞ ከጉዳት የማይቆጠሩ ምልክቶችን መለየት አለብን። ከታች ጥግ ላይ ያለች ነጭ የእጅ ጽሑፍ ቁጥር ጭረት ልትመስል ትችላለች፤ ነገር ግን ኔጋቲቩ ላይ በቀለም የተጻፈ ነገር ሲታተም ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ምናልባት የስቱዲዮው መዝገብ ቁጥር ናት። የስቱዲዮ ማኅተም፣ የተሣለው ዓምድ ቅርጽ፣ የመጋረጃው ስፌትም ፎቶው የት እንደተነሣ ሊነግሩ ይችላሉ። የተሣለ መጋረጃ ለብዙ ደንበኞች የሚያገለግል ስለነበር፣ ያው ዓምድ በሌላ ቤተሰብ አልበም ውስጥ ከስቱዲዮው ማኅተም ጋር ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ምልክት በ Heal የሚያጠፋ ሰው ዳራውን አጸዳ እንጂ አልጠገነም።