የትኋን መድኃኒት ከመርጨትዎ በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብቡ

ትኋን የገባበት ቤት እንቅልፍ የለውም። ልጅ ሌሊቱን ሲያክ ያድራል፣ ጠዋት ክንዱና አንገቱ ላይ በመስመር የተደረደረ ቀይ እብጠት ይታያል። አልጋው ፀሐይ ላይ ወጥቶ፣ አንሶላው በፈላ ውኃ ታጥቦም ካልጠፋ፣ ቤተሰቡ በመጨረሻ የሚረጭ መድኃኒት መግዛቱ አይቀርም። ያ መድኃኒት ትኋኑን ብቻ ይጎዳል ወይስ ልጁንም የሚለው ጥያቄ መልሱ ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ላይ ነው።

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት በፀረ-ተባይ የተመረዙ ሕፃናትን ተቀብያለሁ። ወላጆቹ የሚሰጡት ቃል ይመሳሰላል። «እንዲገድልልኝ ብዬ ጠንከር አድርጌው ነበር»፣ «በለስላሳ ጠርሙስ አስቀምጬው ነበር»፣ «የደረቀ መስሎኝ አስገባኋቸው» ይላሉ። ሦስቱም ጉዳዮች በወረቀቷ ላይ መልስ አላቸው። ችግሩ ፊደሏ ደቂቅ መሆኗ ነው። እኛ አያቶች መነጽራችንን እናድርግ፣ ካልሆነም ማንበብ የሚችል ልጅ ጠርተን እናስነብባት።

ወረቀት የሌለው ጠርሙስ

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከትልቅ ጀሪካን እየተቀዳ በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒት ስሙም፣ ጥንካሬውም፣ የተሠራበትም ዓላማ አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ለእርሻ የመጣ ነው። በአገራችን ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ የሚደነግግ አዋጅ አለ። በየጠርሙሱ ተቀድቶ የሚሸጠውን ግን ተመዝግቦ እንደሆነ የሚነግርዎ ነገር የለም። ስለዚህ አይግዙት። የታሸገውንም ቢሆን ሲገዙ «ለመኖሪያ ቤት» ወይም «ለትኋን» የሚል ቃል ይፈልጉበት። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ጥጥ፣ ስለ ጤፍ ወይም ስለ ሽንኩርት ብቻ ከሆነ መኝታ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም።

ቀጥሎ የወረቀቷን ግርጌ ይመልከቱ። በብዙ ጠርሙሶች ላይ ባለቀለም መስመር አለ። ቀዩ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫው መካከለኛ አደጋ ያለው፣ ሰማያዊው ከዚያ የቀለለ፣ አረንጓዴው ደግሞ በአግባቡ ሲጠቀሙበት ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ ማለት ነው። ቀይ መስመር ያለው ወደ ቤት አይገባም። አረንጓዴ ነው ማለትም ልጅ ቢቀምሰው ምንም አይልም ማለት አይደለም።

መጠኑ እንዴት ይሰላል?

ባለፈው ወር ጎረቤቴ የገዛችውን ጠርሙስ ይዛ መጣች። «ሲስተር፣ ይቺን በአንድ ባልዲ ልበጥብጣት?» አለችኝ። አብረን አነበብን። ጠርሙሱ 100 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ንጥረ ነገሩ ሳይፐርሜትሪን፣ ጥንካሬው 10 ፐርሰንት ነው። ለትኋን የታዘዘው 10 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውኃ ሲሆን፣ 1 ሊትሩ 20 ካሬ ሜትር እንደሚበቃ ተጽፏል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ የሚረጨው ፈሳሽ ከመቶ አንድ አሥረኛ ብቻ መድኃኒት አለው። ለትኋኑ የሚበቃው ያ ነው። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱን በሙሉ የሚጨርስ ሰው 10 ሊትር ይበጠብጣል፣ እሱም 200 ካሬ ሜትር ይረጫል። የጎረቤቴ ክፍል ግን 3 በ4 ሜትር ነው። የሚረጨውም ክፍሉ በሙሉ አይደለም። ትኋን የሚደበቅበት የአልጋው ብረትና መጋጠሚያ፣ የግድግዳው ሥርና ስንጥቁ ብቻ ነው። እሱን ስንለካ ወደ 10 ካሬ ሜትር ሆነ። ስለዚህ ያስፈለጋት ግማሽ ሊትር ውኃና 5 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ነው። ይህ የእርሷ ጠርሙስ ሒሳብ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ጥንካሬው 5 ወይም 25 ፐርሰንት የሆነ ሌላ ጠርሙስ አለ፣ ስለዚህ የእርስዎን ወረቀት ያንብቡ እንጂ የጎረቤትዎን መጠን አይውሰዱ።

የጠርሙስ ክዳን መለኪያ አይደለም፣ አንዱ ክዳን ከሌላው ይለያያል። ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌ ይግዙ፣ ላዩ ላይ «መርዝ» ብለው ይጻፉበት፣ ለልጆች ሽሮፕ ፈጽሞ እንዳይውል ከመድኃኒቱ ጋር ያስቀምጡት። ጓንት አድርገው፣ ደጅ ወጥተው፣ መርጫው ውስጥ መጀመሪያ ግማሹን ውኃ ጨምረው፣ ከዚያ መድኃኒቱን፣ በመጨረሻ የቀረውን ውኃ ያድርጉ። የተረፈ ብጥብጥ ለነገ አይቀመጥምና የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይበጥብጡ።

«ጠንከር ካላደረግኩት ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል» የሚለውን ቅሬታ አውቀዋለሁ። የሚመለሰው መድኃኒቱ ስለቀጠነ አይደለም። ብዙዎቹ መድኃኒቶች የትኋንን እንቁላል በሚገባ አይገድሉም፣ እንቁላሉ ደግሞ ከስድስት እስከ አሥር ባሉት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። መፍትሔው ጽሑፉ በሚፈቅደው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በዚያው መጠን መድገም ነው። ከተደገመም በኋላ ትኋኑ በደህና የሚሄድ ከሆነ መድኃኒቱን ለምዶታል ማለት ነው። ያኔ የሚቀየረው ንጥረ ነገሩ ነው። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ለትኋኑ ምንም ሳይጨምር ልጁ የሚነካውን መርዝ እጥፍ ያደርጋል።

መስኮት መቼ ይከፈታል?

በዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ዓይነት መድኃኒት ስለሚያምታታ ነው። ለዝንብና ለትንኝ በቆርቆሮ የሚሸጠው፣ አየር ላይ የሚነፋው፣ ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ እንዲዘጋ ያዝዛል። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ከዚያ በሰፊው ተከፍቶ ይናፈሳል። ሰው ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ መኖር የለበትም። በውኃ ተበጥብጦ ግድግዳና አልጋ ላይ የሚረጨው ግን መስኮትና በር ተከፍቶ ነው የሚረጨው። የሚሠራው አየሩን በመሙላት ሳይሆን እንጨቱና ብረቱ ላይ ደርቆ በመቅረት ስለሆነ መዝጋቱ ጥቅም የለውም፣ የሚረጨውን ሰው ብቻ ያፍናል።

አንድ መስኮት መክፈት አየሩን አያስወጣም። ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች፣ ለምሳሌ በርና መስኮት፣ አብረው ይከፈቱ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነና ሌላ ማደሪያ ከሌለ በጠዋት ይርጩ፣ ቀኑን ሙሉ ይናፈሳል። ማታ ወይም ዝናብ በመጣበት ሰዓት የተረጨ ቤት ሳይደርቅ ሰው ይተኛበታል። ከመርጨትዎ በፊት ምድጃውን፣ ከሰሉን፣ ጧፉንና ዕጣኑን ያጥፉ። ብዙዎቹ ፈሳሾች የተሟሙበት ነገር በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ልጆች፣ ድመትና ዶሮ

ከመርጨት በፊት ልጆችና እንስሳት ከቤት ይውጡ። የቡሆ ዕቃው፣ የውኃ በርሜሉ፣ መሶቡና ጡጦው ይውጣ ወይም በደንብ ይሸፈን። የልጅ መጫወቻና ልብስ ይነሣ። ፍራሽ ላይ መርጨትን ጽሑፉ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር አይርጩበት፣ ልጅ ፊቱን ደፍቶ ይተኛበታልና።

መመለሻው ሰዓት በወረቀቷ ላይ ካለ እሱን ይከተሉ። ከሌለ ደግሞ የተረጨው ቦታ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። በሶፍት ጫን ብለው ይሞክሩት፣ እርጥበት ከተገኘ አልደረቀም። ሽታን መመዘኛ አያድርጉ። የሚሸተው በአብዛኛው መድኃኒቱ የተሟሟበት ፈሳሽ እንጂ መድኃኒቱ ራሱ አይደለም። ሽታው ከጠፋ በኋላም መድኃኒቱ ለሳምንታት ግድግዳው ላይ ይቆያል። የሚድህ ልጅ እጁን ወለሉ ላይ አሳርፎ ወደ አፉ ይወስዳል፣ በክብደቱ ልክ ሲታይም የሚደርሰው ከእኛ ይበልጣል። ስለዚህ የመሐሉ ወለል አይረጭ። ነጠብጣብ ከወደቀበትም ልጁ ከመመለሱ በፊት በሳሙና ውኃ ይታጠብ። ስንጥቁን ግን አይጠቡት።

ድመት ያለበት ቤት የበለጠ ይጠንቀቅ። ሳይፐርሜትሪንና ፐርሜትሪንን የመሳሰሉትን የድመት ጉበት እንደ ሌሎች እንስሳት መፍጨት አይችልም፣ ድመት ደግሞ ፀጉሯን ትልሳለች። ከተንቀጠቀጠችና ለሃጭ ካዝረከረከች ተመርዛለች። ዶሮ የሞተ በረሮና ትኋን ለቅማ እንዳትበላ ተጠርጎ ይቀበር። ይህ መድኃኒት ለልጅ ራስ ቅማልም፣ ለውሻ ቁንጫም አይሆንም።

ልጅ ቢቀምሰው

ልጁ ከዋጠው አያስመልሱት። ፈሳሹ ተመልሶ ሲወጣ ወደ ሳንባ ገብቶ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ወተትም አይስጡ። ልብሱን አውልቀው ቆዳውን በብዙ ውኃና ሳሙና ይጠቡ። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ያጥቡ። ከዚያ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። የዓይኑ ብሌን መጥበብ፣ ለሃጭና ላብ መብዛት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ መንቀጥቀጥ ከታየ ደቂቃ የሚባክንበት ጊዜ አይደለም።

ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ። ማላታይንና ዳያዚኖን ለመሳሰሉት መድኃኒቶች አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ፣ ለሳይፐርሜትሪን ግን የተለየ ማርከሻ የለም፣ ምልክቱን እያዩ ነው የሚታከመው። ሐኪሙ ይህን የሚለየው የንጥረ ነገሩን ስም ሲያነብ ነው። ወረቀቷ እንዳትላጥና እንዳትረጥብ መጠበቅ ያለባትም ለዚህ ነው።

ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ በውኃ ያለቅልቁ፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምረው ይርጩት፣ ወንዝና ቦይ ውስጥ አይድፉት። ጠርሙሱን ቀድደው ያስወግዱት። የዘይትና የጋዝ መያዣ እንዲሆን ለማንም አይስጡ። የተረፈው መድኃኒት በራሱ ጠርሙስ፣ ከነወረቀቱ፣ ተቆልፎ ከልጅ ቁመት በላይ ይቀመጥ። ለሁለተኛው ርጭት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያወርዱትም መጠኑን ከማስታወስ ይልቅ ወረቀቷን እንደገና ያንብቡ።