ክኒኑን ገልብጠውም ያንሱት

ከአሜሪካ የመጣ ሻንጣ ሲከፈት ከልብሱና ከጫማው መሐል መድኃኒት አይጠፋም። ለእናት የስኳር፣ ለአባት የደም ግፊት፣ ለጎረቤት ደግሞ «ለወገብ ሕመም ፍቱን ነው» የተባለ ነገር። ብዙ ላኪዎች ሻንጣው እንዳይከብድባቸው ብልቃጡን ይጥሉና ክኒኑን በትንንሽ ፌስታል ይቋጥሩታል። ወር ሁለት ወር ሲቆይ ፌስታሉ ይቀደዳል፣ ክኒኖቹ ይደባለቃሉ፣ የትኛው የማን እንደነበረም ይረሳል። ይኼኔ አንዱ የቤቱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣና ለሚያውቀው ፋርማሲስት በቴሌግራም ይልካል። ፎቶው ላይ የሚታየው መዳፍ ላይ የተቀመጠ፣ ጠርዙ የደበዘዘ ነጭ ክብ ነገር ነው። ከሥሩ «ይሄ ምንድን ነው?» ተብሎ ተጽፏል።

ከዚህ ፎቶ ማንም ፋርማሲስት መልስ ሊሰጥ አይችልም፤ ከሰጠም እየገመተ ነው። ብዙ ሰው ባለሙያው ክኒኑን እንደሚያውቀው ሰው ፊት አይቶ የሚለየው ይመስለዋል። ባለሙያው ግን የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። የክኒኑን መለያዎች አንድ በአንድ ያነብና ከመድኃኒት መዝገብ ጋር ያመሳክራል። መዝገቡ የሚጠይቀውም የታወቀ ነው፦ ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ መጠኑ በሚሊሜትር፣ መሐሉ ላይ ለሁለት መክፈያ መስመር መኖር አለመኖሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተቀረጸበት ፊደልና ቁጥር። ፎቶው ጥሩ የሚባለው እነዚህን ጥያቄዎች ሲመልስ ነው።

በአሜሪካ ይህ አሠራር የሕግ ድጋፍ አለው። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1993 ባወጣው ደንብ መሠረት እዚያ የሚሸጥ የሚዋጥ ክኒንና ካፕሱል፣ ከጥቂት የተፈቀዱ በስተቀር፣ መለያ ሊቀረጽበት ወይም ሊታተምበት ይገባል። መለያው ከክኒኑ ቅርጽ፣ ቀለምና መጠን ጋር ተደምሮ መድኃኒቱንና አምራቹን ወይም አከፋፋዩን ለይቶ ማሳወቅ አለበት። ደንቡ «ተደምሮ» ማለቱን ልብ ይበሉ። የተቀረጸው ነገር ለብቻው ሁልጊዜ አይበቃም፤ ሲጻፍም ከሁለቱ ገጾች በአንዱ ብቻ ተጠቃልሎ እንዲገኝ ግዴታ የለም።

አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንውሰድ። ፌስታሉ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ነጭ ክብ ክኒን ሆኖ «93» የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል እንበል። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፣ ቁጥሩም በደንብ ይነበባል፤ የተነሣው ግን አንድ ገጽ ብቻ ነው። ፋርማሲስቱ ከዚህ የሚያገኘው የመድኃኒቱን ስም ሳይሆን የአምራቹን ነው። 93 ቴቫ የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ካለው የመዝገብ ቁጥር የተወሰደ ሲሆን፣ በብዙ የተለያዩ ክኒኖቹ ላይ ይገኛል። የመድኃኒቱ ማንነት ያለው በጀርባው ነው። ክኒኑ ሲገለበጥ «48» ከተነበበ ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም፣ ማለትም ብዙ የስኳር ሕመምተኞች በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ነው። «150» ከተነበበ ግን ፓራሲታሞልና ኮዴይን የተቀላቀሉበት የሕመም ማስታገሻ ነው። ኮዴይን ደግሞ ከሞርፊን ቤተሰብ ነው፤ ያደነዝዛል፣ ሱስ ያስይዛል፣ ሲበዛም ትንፋሽ ያዳክማል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ክብ ናቸው፣ ሁለቱም ፊት ለፊታቸው 93 ይላሉ። አንድ ገጽ ብቻ ያየ ሰው «የእናታችን የስኳር መድኃኒት ይሆናል» ቢል አይፈረድበትም። ግን በባዶ ግምት እናቱን ኮዴይን እያዋጠ ነው።

አንዳንዴ መድኃኒቱ ታውቆ አቅሙ ሳይታወቅ ይቀራል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን የሚተካው ሲንትሮይድ በአንድ ገጹ ስሙ፣ በሌላው የአቅሙ ቁጥር ተቀርጾበታል። ስሙን ብቻ ያነሣ ሰው የመድኃኒቱን ማንነት ተናግሯል፤ 25 ማይክሮግራም ይሁን 200 ግን አልተናገረም፤ በሁለቱ መካከል የስምንት እጥፍ ልዩነት አለ።

ጀርባው ምንም ካልተጻፈበትስ? ያኔም ይነሣ። ባዶ መሆኑ ራሱ መረጃ ነው፤ ካልታየ ግን ባዶ ይሁን አይሁን አይታወቅም። መክፈያ መስመሩ ያለው የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ፣ ቁጥሩ ከመስመሩ በላይ ይሁን በታች ወይም በግራና በቀኝ የተከፈለ ይሁን፣ ይህ ሁሉ ተመሳሳዮችን ለመለየት ያገለግላል። ክኒን «ላይ» እና «ታች» ስለሌለውም 6 እና 9፣ M እና W ሊምታቱ ይችላሉ። ስለዚህ የሚነበበውን በጽሑፍ ብቻ ልኮ ፎቶውን መተው አይመከርም፤ ላኪው «6» ያለውን ባለሙያው አዙሮ ቢያየው 9 ሊሆን ይችላል።

ወደ ማስመሪያው እንምጣ። ስልክ ክኒኑን ሲቀርበው ትልቅ፣ ሲርቀው ትንሽ አድርጎ ያሳያል፤ መጠን ማሳያ የሌለው ፎቶ ላይ 6 ሚሊሜትር የሆነ ክኒንና 13 ሚሊሜትር የሆነ ክኒን እኩል ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ይሁን ወይም ለመዋጥ የሚያስቸግር ትልቅ፣ ተመልካቹ አያውቅም። የአሜሪካ መዝገብ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክኒን ረጅሙን ልኬት በሚሊሜትር ይመዘግባል። ይህ ቁጥር የተጠጋጋ ስለሆነ ባለሙያው የአንድ ሁለት ሚሊሜትር ልዩነት ይታገሣል፤ ስለዚህ ማስመሪያ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው «ይህ ነው» ለማለት ሳይሆን «ይህ አይደለም» ለማለት ነው። ፍለጋው አራት መልስ ቢያወጣና ሦስቱ 8 ሚሊሜትር ሆነው የእርስዎ ክኒን 12 ቢሆን፣ ሦስቱ ወዲያው ይወድቃሉ።

ምልክት በሌላቸው ክኒኖች ላይ የመጠን ነገር ይበልጥ ይከብዳል። የአሜሪካው ደንብ የሚገዛው እዚያ የሚሸጠውን ነው። በሌሎች አገሮች ተመርተው ወደ እኛ ከሚመጡ ክኒኖች ብዙዎቹ ለስላሳ ናቸው ወይም መሐላቸው ላይ መስመር ብቻ አላቸው፤ የቪታሚንና የመሰል ማሟያዎችም ቢሆን በአሜሪካ እንኳ የመለያ ግዴታ የለባቸውም። አንድ አምራች ያንኑ መድኃኒት በሁለት አቅም ሲሠራ አንዳንዴ ያንኑ ዱቄት አብዝቶ ይጨምቀዋል። ክብደቱ በእጥፍ ሲያድግና ቅርጹ ሳይለወጥ ሲቀር ግን ስፋቱ የሚጨምረው በሩብ ያህል ብቻ ነው፤ 8 ሚሊሜትር የነበረው 10 ይሆናል። ይህንን ልዩነት ዓይን ከፎቶ ላይ አይለየውም፣ ማስመሪያ ግን ይለየዋል። በእርግጥ ምልክት የሌለው ክኒን በፎቶ ብቻ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ባለሙያው የሚያደርገው በቤት ውስጥ ይወሰዱ ከነበሩት መድኃኒቶች ጋር ማነጻጸርና የማይሆኑትን ማስወጣት ነው።

ታዲያ እንዴት ይነሣ? የማያብለጨልጭ ነጭ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ክኒኑን ያስቀምጡ፣ ማስመሪያውን ጎኑ ያስጠጉ። የክኒኑን ጠርዝ ከማስመሪያው ጫፍ ሳይሆን ከ1 ሴንቲሜትር መስመር ጋር ያስተካክሉ፤ የብዙ ማስመሪያ ዜሮ ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ስለሚጀምር ነው። ስልኩን በጣም አያስጠጉ። ወፍራም ክኒን ከማስመሪያው ከፍ ስለሚል ለካሜራው ይቀርባል፤ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር የሆነ ክኒን ከ10 ሴንቲሜትር ርቀት ሲነሣ ስፋቱ ከእውነቱ እስከ 5 በመቶ ሊበልጥ ይችላል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ወደ 30 ሴንቲሜትር ራቅ ብለው ቀጥታ ከላይ ማንሣትና ምስሉን በዙም ማቅረብ ይሻላል። ከዚያ ክኒኑን ብቻ ገልብጠው፣ ሌላውን ሁሉ ሳይነኩ፣ ሁለተኛውን ያንሱ። በሳንቲም ማመዛዘንም ይቻላል፤ ግን ተመልካቹ የሳንቲሙን ስፋት ማወቅ አለበት፤ ቨርጂኒያ ያለ ፋርማሲስት የአንድ ብር ሳንቲምን ልክ ከየት ያውቃል?

ፍላሽ ያጥፉ። ፊደሉ ብዙ ጊዜ በቀለም የተጻፈ ሳይሆን ወደ ውስጥ የተቀረጸ ስለሆነ የሚታየው በጥላው ነው፤ ፍላሽ ፊት ለፊት ሲመታው ጥላው ይጠፋና ነጩ ክኒን ልሙጥ ይመስላል። ከመስኮት በጎን የሚመጣ የቀን ብርሃን ቅርጹን ያወጣዋል። ለቀለሙም ይህ ብርሃን ይበጃል፤ በቢጫ አምፖል ሥር ነጭ ክኒን ቢጫ፣ ቢጫው ብርቱካናማ ይመስላል። ከሥር ያለው ነጭ ወረቀት እዚህም ይጠቅማል፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከታየ ባለሙያው ብርሃኑ እንዳታለለው ይገባዋል።

ቀለም በትክክል ቢነበብም ክኒኑ ከየት አገር እንደመጣ ካልታወቀ ሊያሳስት ይችላል። የደም መርጋትን የሚከላከለው ዋርፋሪን በየአቅሙ ቀለም አለው። በአሜሪካ ሮዝ የሆነው 1 ሚሊግራም ነው፤ በእንግሊዝ ደግሞ ሮዝ የሆነው 5 ሚሊግራም ነው። የለንደኑን ሮዝ ክኒን በአሜሪካው ልማድ የቆጠረ ሰው በአምስት እጥፍ ይሳሳታል፤ ዋርፋሪን ሲበዛ ደግሞ ደም ያፈሳል። ስለዚህ ከፎቶው ጋር የመጣበት አገር ስም ይላክ።

ሁለቱ ገጾች፣ ማስመሪያውና ብርሃኑ ተሟልተውም ፎቶ የሚያሳየው የክኒኑን ላይ ብቻ ነው፤ ውስጡን አይመረምርም። በአሜሪካ በአንድ ገጹ በአራት ማዕዘን ውስጥ M፣ በሌላው 30 የተጻፈበት ሰማያዊ ክብ ክኒን ኦክሲኮዶን የተባለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው። ይህንኑ አስመስለው ፌንታኒል የሚጨምሩበት ሐሰተኛ አምራቾች ብዙ ሰው ገድለዋል። ሐሰተኛው ክኒን ፎቶ ላይ ከእውነተኛው ጋር አንድ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን የሚያወጣው ላቦራቶሪ ነው። ከፋርማሲ ያልወጣ፣ ከመንገድ ወይም ከማይታወቅ ሰው የተገኘ ክኒን ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር አይዋጥ።

ሕፃን ምንነቱ ያልታወቀ ክኒን ከዋጠም ፎቶ እያስተካከሉ ጊዜ አያጥፉ። አንዳንድ የስኳር ክኒኖች አንዷ እንኳ የሕፃንን ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ታወርዳለች። ልጁን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ይሩጡ፣ የቀሩትን ክኒኖችና ፌስታሉን እንዳለ ይዘው ይሂዱ፤ እዚያ ያለ ሰው ገልብጦ ያያቸዋል።

ከውጭ የሚልኩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ይህን ሁሉ ጣጣ ከምንጩ ሊያቀሉት ይችላሉ። የአሜሪካ ፋርማሲ በብልቃጡ ላይ የሚለጥፈው ወረቀት የመድኃኒቱን ስምና አቅም ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም ክኒኑ ምን እንደሚመስልና ምን እንደተቀረጸበት ይገልጻል። ብልቃጡ ከከበደ ያንን ወረቀት ልጠው ወይም ፎቶ አንሥተው ከክኒኑ ጋር ይላኩት።