ሶፋ ላይ የሚያልቀው የሌሊት እንቅልፍ

ጎረቤቴ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» እያለ ላገኘው ሁሉ ሲናገር ከረመ። ሌሊት እስከ 7 ሰዓት አልጋው ላይ ይገላበጣል፣ ተነስቶ ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ ተመልሶ ይተኛል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ሰርቪሱ እንዳያመልጠው መነሳት አለበት። ሲብስበት ፋርማሲ ሄዶ የእንቅልፍ ክኒን ጠየቀ። ያለ ሐኪም ማዘዣ አንሰጥም ብለው መለሱት፤ ደግ አደረጉ።

ነገሩን የፈታችው ባለቤቱ ናት። «ይሄ ሰው እንቅልፍ አጣሁ የሚለው ማታ ተኝቶ ጨርሶት እንዳይሆን» ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰዓቱን በልጇ ደብተር ጀርባ ላይ መዘገበችው። ማታ 12 ሰዓት ከሥራ ይገባል። ጫማውን አውልቆ «ትንሽ ጋደም ልበል» ይልና ሶፋው ላይ ይዘረጋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ራት እስኪደርስ የሚቀሰቅሰው የለም። ሲነቃ 2 ሰዓት ሆኗል። ራት ይበላል፣ ቡና ይፈላል፣ አቦልና ቶናውን ይጠጣል። 4 ሰዓት ላይ ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ወደ መኝታ ይሄዳል፣ ዓይኑ ግን እስከ 7 ሰዓት አይከደንም።

ባለቤቱ ደመረችው። ሌሊት አራት ሰዓት፣ ሶፋው ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ተኝቷል። ሁለቱ አንድ ላይ ስድስት ሰዓት አይሞሉም። ሰውዬው በእርግጥም እንቅልፍ አንሶታል። ግን እንቅልፍ እምቢ ያለው በሽታ ይዞት ሳይሆን ማታ የሚተኛውን ቀድሞ ስለሚነካካው ነው።

ነገሩን ለመረዳት መክሰስን ማሰብ ይበቃል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ጠግቦ የበላ ልጅ ራት ሲቀርብለት ሳህኑን ይገፋል። እንቅልፍም እንዲሁ ነው። ከነቃንበት ደቂቃ ጀምሮ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል። በተጠራቀመ መጠን እንቅልፍ ይጫነናል፤ ስንተኛ ደግሞ ይቀንሳል። አሌክሳንደር ቦርቤሊ የተባሉት የዙሪክ ተመራማሪ በ1982 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ የምንተኛበትንና የምንነቃበትን ጊዜ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ይህ ቀኑን ሙሉ የሚጠራቀም ጫና ሲሆን፣ ሌላው ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነታችን ሰዓት ነው። ጎረቤቴ ከንጋት 11 ሰዓት ጀምሮ ሲያጠራቅም የዋለውን ጫና ማታ ሶፋው ላይ ያራግፈዋል። ብዙ ጫና ተጠራቅሞ የመጣ እንቅልፍ ደግሞ በፍጥነት ይጠልቃል። ስለዚህ ሶፋው የሚወስድበት ለሌሊቱ የመጀመሪያ ሰዓታት የተቀመጠውን ከባዱን እንቅልፍ ነው።

ታዲያ ቀን መተኛት ክፉ ነው ማለት ነው? አይደለም። ለውጥ የሚያመጣው ስንት ደቂቃና በስንት ሰዓት የሚለው ነው።

ከደቂቃው እንጀምር። እንቅልፍ ሲወስደን መጀመሪያ ቀላል በሆነው ክፍል ውስጥ እናልፋለን። በዚያ ጊዜ በር ቢንኳኳ ወዲያው ዓይናችንን እንገልጣለን፣ አንዳንዴም «አልተኛሁም» ብለን እንከራከራለን። ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ጥልቁ እንቅልፍ ይጀምራል። ከዚያ ውስጥ በድንገት የተቀሰቀሰ ሰው ራሱ ይከብደዋል፣ አፉ ይተሳሰርበታል፣ ማለዳ ይሁን ማታ ግራ ይገባዋል። ብዙ ሰው «ቀን ስተኛ ይባስ እደክማለሁ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ያደከመው መተኛቱ ሳይሆን የነቃበት ቦታ ነው። ሌሊቱን በቂ ያልተኛ ሰው ደግሞ ወደ ጥልቁ ክፍል ቶሎ ስለሚወርድ፣ ለእሱ ሠላሳ ደቂቃም ሊበዛበት ይችላል።

ይህን በደንብ ያሳየ አንድ ጥናት በአውስትራሊያ ፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ሃያ አራት ወጣቶችን ወሰዱ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ቀን አምስት፣ ሌላ ቀን አሥር፣ ሌላ ቀን ሃያ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሠላሳ ደቂቃ አስተኟቸው፤ አንድ ቀን ጨርሶ ሳይተኙ ዋሉ። ከዚያ ለሦስት ሰዓት ያህል ንቃታቸውን ለኩ። አምስት ደቂቃው እምብዛም አልጠቀመም። አሥር ደቂቃ የተኙ ጊዜ ወዲያው ነቃ አሉ፣ ጥቅሙም ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አብሯቸው ቆየ። ሃያ ደቂቃውም ጠቅሟል፣ ግን ጥቅሙ የታየው ከነቁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ሲተኙ በመጀመሪያ ፈዝዘው ቆዩ፤ የተሻላቸው ፍዘቱ ከለቀቃቸው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። እነዚህ ደቂቃዎች የሚቆጠሩት እንቅልፍ ከወሰደን ጀምሮ ነው እንጂ ከተጋደምን ጀምሮ አይደለም። እንቅልፍ እስኪወስድ አምስት፣ አንዳንዴም አሥር ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ የስልኩን ደወል ሃያ ወይም ሃያ አምስት ደቂቃ ላይ ሞልቶ መጋደም ነው። እንቅልፍ ባይወስድም ሲደውል መነሳት። «አሁን ገና ሊወስደኝ ነበር» ብሎ አሥር ደቂቃ መጨመር ወደ ጥልቁ ክፍል የሚያስገባ መንገድ ነው። ለዚህ አልጋ ባይመረጥ ይሻላል፤ ወንበር ላይ ራስን ደገፍ አድርጎ ማሸለብ ለመንቃት ይቀላል።

ሰዓቱስ? የሰውነታችን ሰዓት ከቀትር በኋላ ትንሽ ዝቅ ይላል። ሰዎች ይህን በምሳ ያመካኙታል። ምሳ ሲበዛ ያባብሰዋል እንጂ ምክንያቱ እሱ ብቻ አይደለም። በጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው 7 እና 8 ሰዓት ላይ ዓይኑ ሲከብደው ያውቀዋል። ያ ጊዜ ለሸለብታ የተመቸ ነው፤ እንቅልፉ በቀላሉ ይመጣል፣ እስከ ሌሊቱም ጫናው እንደገና የሚጠራቀምበት በቂ ሰዓት ይተርፋል። በጥቅሉ ማታ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ባያሸልብ ይመከራል። እንደ ጎረቤቴ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ወደ 7 ሰዓት ቢቀርብ ይሻላል።

ቡናን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ካፌይን የሚሠራው አዴኖሲን አንጎል ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው። ጫናው አይጠፋም፣ እንዳይሰማን ብቻ ይሸፈናል። ከጠጣነው ውስጥ ግማሹ ከደማችን ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። እንግዲህ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ስኒ የጠጣ ሰው 4 ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ ሲገባ ካፌይኑ ገና ሙሉ ጉልበቱን ይዟል። ጎረቤቴ ሶፋው ላይ ጫናውን አራግፎ፣ የተረፈችውን ደግሞ በቡና ይሸፍናት ነበር። «ቡና እኔን አይነካኝም» የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። እሱም ከነሱ አንዱ ነበር።

ቡናና ሸለብታ ተባብረው የሚጠቅሙበት አጋጣሚም አለ። በእንግሊዝ የላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እንቅልፍ ያነሳቸውን አሽከርካሪዎች በመለማመጃ መኪና ላይ ፈትነው ነበር። ቡና ጠጥቶ ወዲያው እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ማሸለብ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከማድረግ በተሻለ ስህተታቸውን ቀነሰው። ካፌይኑ ሥራውን ለመጀመር ሃያ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ሰውየው ሲነቃ ይደርስለታል። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ዓይኑ ሲከብደው መስኮት ከመክፈትና ሙዚቃ ከመጨመር ይልቅ አስተማማኝ ቦታ ቆሞ ይህን ቢያደርግ ይሻላል። ከነቃ በኋላ ግን ወዲያው መሪ አይጨብጥ፤ ወርዶ ጥቂት ይራመድ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ባለቤቱ ሶፋውን ከለከለችው። በምትኩ በምሳ ሰዓት፣ ከበላ በኋላ 6፡50 ላይ የቢሮ ወንበሩ ላይ ሃያ ደቂቃ ማሸለብ ጀመረ፤ ባልደረቦቹ እንዲስቁበት ፈቅዶ ማለት ነው። ማታ 12 ሰዓት ሲገባ ከመቀመጥ ይልቅ ትንሹን ልጁን ይዞ ሱቅ ድረስ ይወጣል፣ ወይም ልጆቹን ያስጠናል። የማታ ቡናው ወደ ቅዳሜና እሁድ ቀን ተዛወረ። ይሄኛው ከሁሉ ያከራከረ ነበር፤ ባለቤቱ ራሷ ማታ ቡና ማፍላት ትወዳለች።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባድ ነበሩ። ራት ላይ ጉርሻ እንደያዘ ያንቀላፋ ነበር፣ ልጆቹም ሳቁበት። ግን በአራተኛው ቀን 4 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ወሰደው። በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ላይ ከወጣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሚተኛ ሆነ። ከስድስት ሰዓት በላይ ሳይቋረጥ መተኛት የጀመረው ያኔ ነው።

ይህ መንገድ ለሁሉም አይሠራም። የእንቅልፍ እጦት ለወራት የቆየበት ሰው፣ ሃያ ደቂቃዋም ከሌሊቱ ትቀንስበታለችና ሐኪሞች ቀን ጨርሶ እንዳይተኛ ይመክሩታል። የራስን ነገር ለማወቅ የባለቤቱ ዘዴ በቂ ነው። አንድ ሳምንት እያሸለቡ፣ አንድ ሳምንት ሳያሸልቡ ማታ እንቅልፍ እስኪወስድ ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ መጻፍ ነው። ባሸለቡበት ሳምንት ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተገላበጡ ሸለብታው በዝቷል ወይም መሽቷል። ለትንንሽ ልጆች ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። የሦስት ዓመት ሕፃን ቀን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢተኛ ያስፈልገዋል። የሌሊት ዘበኛና ተረኛ ነርስም ቀናቸው ሌላ ነው፤ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ማታ ረዘም አድርገው ቢተኙ ይጠቅማቸዋል።

ሌሊት ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ተኝቶ እያደረ ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ግን ደወል ከመሙላት ይልቅ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በተለይ ሲተኛ በኃይል የሚያንኮራፋ፣ በመሃል ትንፋሹ ቀጥ የሚልና እየታፈነ የሚባንን ከሆነ። ይህን ባለቤቱ እንጂ እሱ ራሱ አያውቀውም።

የጎረቤቴ ቤት አሁን ያልተፈታው የእሁድ ነገር ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ተበልቶ፣ ቡናው ተጠጥቶ፣ 9 ሰዓት ላይ አልጋው ላይ ይወጣና እስከ 11 ሰዓት ይተኛል። ሰኞ ንጋት ሰርቪሱን የሚይዘው ዓይኑን እያሸ ነው። ባለቤቱ ደብተሯን እንደገና አውጥታለች። እሱ ደግሞ «እሁድን ለቀቅ አድርጊልኝ» እያለ ነው።