ቋሚ ተፅዕኖ ብቻውን ለምን አይበቃም? የኒክል መዛባት በአጭር ፓነል ውስጥ

የአንድ ገበሬ ቤተሰብ የዘንድሮ ሀብት በአምናው ሀብት ምን ያህል ይወሰናል? ድርቅ ያደረሰው ጉዳት ቶሎ ይሽር ወይም ይቆይ እንደሆነ የሚለካው በዚህ ጥያቄ ነው። ሞዴሉም የሚከተለው ነው፦

```
y(i,t) = ρ·y(i,t-1) + α(i) + ε(i,t)
```

እዚህ ላይ α እንደ መሬት ለምነት ያለ፣ በጊዜ የማይለወጥ የቤተሰቡ ባሕርይ ሲሆን ε ደግሞ በየዙሩ የሚደርስ ድንገተኛ ለውጥ ነው። α ያለፈውንም ሀብት ስለሚወስን፣ እርሱን ችላ የሚለው ተራ ሪግሬሽን ρን ወደ ላይ ያዛባዋል። ቋሚ ተፅዕኖ የተባለው ዘዴ ከየምልከታው የቤተሰቡን አማካይ በመቀነስ αን ያስወግዳል። ነገር ግን የሚቀነሰው አማካይ የሌሎቹን ዙሮች ε ይዞ ስለሚመጣ፣ ያለፈው ሀብትና አዲሱ ስህተት በአሉታዊ መልኩ ይዛመዳሉ። ስቲቨን ኒክል ይህን መዛባት በ1981 በቀመር አሳይቷል።

ሦስት የጥናት ዙሮች ብቻ ያሉትን መረጃ እንውሰድ። በዚህ ጊዜ ቋሚ ተፅዕኖ y2−y1ን በy1−y0 ላይ ከመገመት ጋር አንድ ነው። ገላጩ y1−y0 በውስጡ +ε1 አለው፤ ስህተቱ ε2−ε1 ደግሞ −ε1 አለው። ሂደቱ የረጋ ከሆነና ስህተቶቹ እርስ በርስ ካልተዛመዱ፣ መዛባቱ −(1+ρ)/2 ይሆናል። እውነተኛው ρ 0.5 ቢሆን ግምቱ ወደ −0.25 ይጠጋል። ስለዚህ ከጉዳቱ ግማሹ ወደ ቀጣዩ ዙር እየተሻገረ ሳለ፣ ተመራማሪው ቤተሰቡ ከነበረበትም በላይ አንሰራርቷል ብሎ ይደመድማል። የቤተሰቦችን ቁጥር ከአንድ ሺህ ወደ አሥር ሺህ ማሳደግ ይህን አያርመውም፤ የተሳሳተውን ቁጥር ይበልጥ እርግጠኛ ያስመስለዋል እንጂ። መዛባቱ የሚቀንሰው ዙሮች ሲበዙ ነው፤ በአሥር ዙር እንኳ ወደ −0.18 ገደማ ይቀራል።

አንደርሰንና ሲያዎ ያቀረቡት መፍትሔ y0ን ለy1−y0 መሣሪያ ተለዋዋጭ አድርጎ መጠቀም ነው፤ y0 ከε1ም ሆነ ከε2 በፊት የተወሰነ ነውና። አሬያኖና ቦንድ በ1991 ይህን ሐሳብ አስፍተው፣ በየዙሩ የሚገኙትን የቀደሙ እሴቶች ሁሉ ተጠቅመዋል። ሁለቱም ግን ስህተቶቹ በጊዜ አለመዛመዳቸውን ይፈልጋሉ፤ ይህም በሦስት ዙር መረጃ ሊፈተን አይችልም። በተጨማሪም ρ ወደ 1 ሲቀርብ መሣሪያው ይደክማል።

ድክመቱን ለመለየት የሁለቱን የተዛቡ ግምቶች ወሰን መመልከት ይጠቅማል። አሬያኖና ቦንድ በተጠቀሙበት፣ 140 የብሪታንያ ድርጅቶችን ከ1976 እስከ 1984 በያዘው የቅጥር መረጃ፣ የአንድ ዓመት ቀደምት ቅጥር ኮፊሸንት በተራ ሪግሬሽን 1.045፣ በቋሚ ተፅዕኖ ደግሞ 0.733 ነው። ተቀባይነት ያለው ግምት በሁለቱ መካከል ወይም በአቅራቢያቸው ይጠበቃል። የአንድ ደረጃ ግመታቸው ግን 0.686 ላይ፣ ከታችኛው ወሰን በታች አርፏል። እንዲህ ያለ ውጤት ሲገኝ፣ ቁጥሩን ከመተርጎም አስቀድሞ የመሣሪያዎቹን ጥንካሬ መመርመር ይገባል።