ከመቶው ሊትር ሃምሳ ስድስቱ የት ገባ?

የመመረቂያ ጽሑፉን አቅርቦ የጨረሰ ተማሪ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች አብዛኛውን ጊዜ በምስጋና ያሳልፋቸዋል። በመስኖ ውሃ አጠቃቀም ላይ ለሠራ ሰው ግን እነዚህ ደቂቃዎች ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ ምንስ ማለት እንዳልሆነ የሚናገርባቸው ናቸው። ፈታኞቹ የሚጠይቁት እሱን ነውና።

በጎጃም ያለውን የቆጋ መስኖ እናስብ። ግድቡ ሰባት ሺህ ሄክታር ያህል መሬት ለማጠጣት የታሰበ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ ከዋናው ቦይ መግቢያ 100 ሊትር ውሃ ተለቆ ማሳ ላይ የደረሰው 80 ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ የሰብሉ ሥር በሚደርስበት አፈር የቀረው 55 በመቶ ቢሆን 44 ሊትር ይሆናል። ተማሪው «አጠቃላይ ብቃቱ 44 በመቶ ነው» ይላል። ስሌቱ ልክ ነው።

ታዲያ 56ቱ ሊትር ባከነ ማለት ነው? ሁሉም አይደለም። ከቦዩና ከማሳው ወደ ታች የሰረገው ውሃ ከፊሉ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይሞላል፤ ከታች ያለ ገበሬ ከጉድጓዱ ይቀዳዋል፣ ቀሪውም ወደ ወንዙ ሊመለስ ይችላል። የቆጋ ወንዝ ግልገል ዓባይን ይቀላቀላል፣ ግልገል ዓባይም ጣና ይገባል። ለማሳው ባለቤት የጠፋው ውሃ ለተፋሰሱ አልጠፋም ማለት ነው። በእርግጥ የጠፋው ረግረግ ላይ ቆሞ የተነነው ነው። ስለዚህ «ቦዩ በሲሚንቶ ይለበጥ» የሚለው ምክረ ሐሳብ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በዚያ ጉድጓድ ማን እንደሚጠቀም ሳይጠየቅ ባይሰነዘር ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ ከፍ ያለ ቁጥር ነው። በቦዩ ጫፍ ያለ ማሳ የሚደርሰው ውሃ ጥቂት ስለሆነ አፈሩ ሁሉንም መጥጦ ያስቀረዋል። ብቃቱ 90 በመቶ ሊወጣ ይችላል፤ ስንዴው ግን ይጠወልጋል። ከቦዩ ራስ አጠገብ ያለው ማሳ በአንጻሩ ተትረፍርፎለት ቁጥሩ ዝቅ ይላል። የሁለቱን አማካይ ብቻ ይዞ የቀረበ ተማሪ የችግሩን እምብርት ሸፍኖታል። አፈሩ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ብቻ ሳይሆን ሰብሉ ከሚፈልገው ስንት እጅ እንዳገኘም መለካት ነበረበት።

ናሙናው የተወሰደበት ሰዓትም ውጤቱን ያዛባል። ከተጠጣ በኋላ ወዲያው የተቆፈረ አፈር ገና ወደ ታች የሚወርድ ውሃ ስለያዘ፣ በ105 ዲግሪ ምድጃ ደርቆ ሲመዘን ብቃቱን ያለቦታው ከፍ ያደርገዋል። በአብዛኛው አፈር አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጥሩ መዝጊያ ይህን ይመስላል፦ «44 በመቶ ያልኩት ለለካኋቸው ቦዮችና ማሳዎች፣ ለዚያ አንድ የበጋ ወቅት ብቻ ነው። የሰረገው ውሃ የት እንደሄደ አልለካሁም። ለቦይ ልባጥ ከመነሳት በፊት ግን የጫፍ ማሳዎች ተራ ቢስተካከል እመርጣለሁ።» ከዚህ በኋላ ፈታኙ የሚጠይቀው ስለ ተራው ነው፤ ተማሪውም የውሃ አባቶቹ በር የሚከፍቱባቸውን ቀናት የመዘገበበትን ሠንጠረዥ ይገልጣል።